ሰማንያ ከረጢት ያለ ማመሳከሪያ

ኦዲተር ሆኜ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ሰባት ዓመታት የሥራ ወረቀት የሚባለውን ነገር እንደ ቅጣት ነበር የማየው። ለእኔ ሥራ ማለት መጋዘን ገብቶ ከረጢት መቁጠር፣ ሰነድ ማገላበጥ፣ ሰው ማነጋገር ነው። ወረቀቱ ቢሮ ከተመለስኩ በኋላ፣ ድካሙ ካለቀና ሻይ ከተጠጣ በኋላ የሚሞላ ነገር ነው። ስለዚህ እሞላው ነበር፤ ግን ምንም ያህል አልሞላውም።

ጥፋቱ የእኔ ብቻ አልነበረም ብዬ ልጀምር፤ ሰው ጥፋቱን ሲናዘዝ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ደብረ ማርቆስ ባለው መሥሪያ ቤታችን ሥራዬ የገበሬ ማኅበራትን ሒሳብና ንብረት መመርመር ነው። የመረመርኩትን ፋይል ገምጋሚ አንብቦ ካልፈረመበት ሪፖርት አይወጣም። የቀድሞው ገምጋሚያችን ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ። ፋይሌን ይከፍቱና ሦስት ገጽ ሳያገላብጡ «ና እስቲ፣ ይኼን በአፍህ ንገረኝ» ይሉኛል። አባቴ ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ነው፤ እኛ ቤት ነገር መናገር አይቸግርም። ቁጭ ብዬ እነግራቸዋለሁ፤ የመጋዘኑን ሽታ ሳይቀር እነግራቸዋለሁ። ስቀው ይፈርማሉ። «አንተ ልጅ፣ ጭንቅላትህ መዝገብ ቤት ነው» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኳቸው።

የቢሯችን ግድግዳ ላይ «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ሰባት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው የተቀመጥኩት።

ሽማግሌው ጡረታ ወጡና በቦታቸው ከወሎ የመጡ ሴትዮ ተተኩ። ዝምተኛ ናቸው። ቀትር ላይ ለሶላት ይነሳሉ፣ ተመልሰው ያቆሙበት መስመር ላይ ጣታቸውን ያኖራሉ፣ ማንበባቸውን ይቀጥላሉ። መጀመሪያ የሰጠኋቸውን ፋይል ከነአርባ አንድ ጥያቄው መለሱልኝ። «ይህ ምልክት ምን ማለት ነው? መግለጫ የለውም።» «ይህ ድምር ከየት መጣ?» «ይህን ገጽ ማን ሠራው? መቼ?» እኔም እንደ ልማዴ ወንበር ስቤ ልተርክላቸው ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«አትንገረኝ» አሉኝ። «የምገመግመው ወረቀቱን ነው፤ አንተን አይደለም። ነገ አንተ ባትኖር ማንን ልጠይቅ?»

«የት እሄዳለሁ?» አልኳቸው።

«እሱን አላህ ያውቃል። አንተ ብቻ ጻፈው።»

ትምህርታቸው አጭር ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ራስጌው ላይ የማን እንደሆነ፣ የየትኛው ዘመን እንደሆነ፣ ማን በስንት ቀን እንደሠራው ይናገር። ከዚያ ለምን እንደተሠራ፣ መረጃው ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተገኘ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ምን እንደተደመደመ ይጻፍበት። ገጹ ቁጥር ይኑረው። አንድ አኃዝ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ሲሻገር ከየት እንደመጣና ወዴት እንደሄደ በሁለቱም ገጾች ላይ ይጠቆም። «ላኪውም ይጻፍ፣ ተቀባዩም ይጻፍ» ይላሉ። «ጉዳዩን ጨርሶ የማያውቅ፣ ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፋይሉን ቢያነሳ፣ ማንንም ሳይጠይቅ አንተ የደረስክበት ይድረስ።»

እኔ ይህን ለባልደረቦቼ ሻይ ቤት ስተርክ «ሴትዮዋ ከረጢት የቤት ቁጥር ካልተሰጠው መኖሩን አያምኑም» አልኩ። ጥሩ ሳቁልኝ። ለአንድ ወር ያህል በዚህ ቀልድ ኖርኩ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ሠላሳ፣ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ቀን፣ ይጁቤ አካባቢ ያለ ማኅበር ዘንድ ዩሪያ ማዳበሪያ ልቆጥር ሄድኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ከረጢቱን እንደ ከብት በዓይን የሚያውቁ ሰው ናቸው። እያንዳንዱ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ የሚመዘገብበት ቢን ካርዳቸው ስምንት መቶ ሃያ አራት ከረጢት ይላል። መጋዘኑ ውስጥ የቆጠርኩት ሰባት መቶ አርባ አራት ነው። ሰማንያ ጎደለ። ደንግጬ ቀና ስል ሰውዬው አልደነገጡም።

«ጣሪያውን አታየውም? ዝናቡ ሊያሟሟብኝ ሲል ሰማንያውን ወፍጮ ቤት አስጠልዬዋለሁ። ና፣ ቁጠረው።»

ወፍጮ ቤቱ የማኅበሩ ነው፤ ከገበያው ወዲያ ነው ያለው። በዝናብ በጭቃ አብረን ሄድን፤ ቆጠርኩ፤ ሰማንያ። አንድም አልጎደለም። የቆጠራ ቅጼን መጋዘን ውስጥ ትቼው ስለነበር የኪስ ደብተሬ ላይ ጫር አደረግኩት። ቢሮ ስመለስ በቆጠራው ገጽ ላይ ከልዩነቱ አጠገብ «ተጣርቷል» ብዬ ጻፍኩና አንድ ቆንጆ ምልክት አደረግኩበት። የት ተጣራ፣ በምን ተጣራ፣ ወዴት ልሂድ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢመጣ እኔ አለሁለት። በሳምንቱ ደምበጫ፣ ከዚያ አማኑኤል፤ ሦስቱም ማኅበር፣ ሦስቱም ዩሪያ፣ ሦስቱም ላይ የሚጎድል ነገር አለ፣ ለሦስቱም ምክንያት አለ። ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጧል፤ መዝገብ ቤት ነው ተብያለሁ።

መስከረም ላይ አማኑኤል ዳር ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ። ገምጋሚዋ ናቸው።

«ልማዴን ዛሬ ላፍርስ» አሉ። «የይጁቤው ሰማንያ ከረጢት ‹ተጣርቷል› ብለሃል። ማመሳከሪያ የለውም። ምን ሆኖ ነው?»

ደስታዬን ልደብቅ አልችልም። በመጨረሻ ጠየቁኝ! ሴትዮዋ በአፌ ተማመኑ! ለአፍታ እንኳ ሳላስብ «እሱማ መንገድ ላይ የነበረ ነው። መኪናው ከዩኒየኑ ተነስቶ ገና አልደረሰም ነበር» አልኳቸው። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። «እንደ ስሜ» አልኩ። ታክሲው መጣና ገባሁ።

መንገድ ላይ የነበረው የደምበጫው ነው።

እሳቸው ግን የሰሙትን እንደሰሙት አልተዉትም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማንን እንዳነጋገሩና ምን እንደተባሉ አንድ ገጽ ላይ ጽፈው ፋይሉ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ የተባሉትን ተከተሉ። መንገድ ላይ ያለ ዕቃ እንዴት ቢን ካርድ ላይ ገባ? ዕቃው ሳይደርስ ደረሰኝ የሚሆነው ሞዴል 19 ተፈርሟል ማለት ነው። ለማኅበራቱ ማዳበሪያ የሚያከፋፍለውን ዩኒየን ጠየቁ፤ ዩኒየኑ ሰኔ ውስጥ ወደ ይጁቤ የላክነው ሁሉ ደርሷል፣ መንገድ ላይ የቀረ የለም ብሎ በጽሑፍ መለሰ። እንግዲህ ሰማንያው ከረጢት መጋዘንም የለም፣ መንገድም የለም። ረቂቅ ሪፖርቱ «ጉድለት» ብሎ ለማኅበሩ ሥራ አመራር ተላከ። የመጋዘኑ ኃላፊ ወፍጮ ቤት ነበር ቢሉ ማን ይስማቸው? ኦዲተሩ ራሱ መንገድ ላይ ነበር ብሏል። የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛም የሚስታቸው ወንድም ሆኖ ተገኘ። ከሥራ ታገዱ፤ ሰነዶቻቸው በሣጥን ታሸጉ፤ ጉዳዩ ለፖሊስ ይመራ አይመራ የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተቀጠረ።

እኔ መስክ ላይ ስለነበርኩ ይህን ሁሉ አላወቅኩም። ያወቅኩት ጥቅምት ላይ ሰውዬው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ዱላቸውን ይዘው ቢሯችን በር ላይ ሲቆሙ ነው። ሰላምታ አልሰጡኝም። የጎጃም ሽማግሌ ሰላምታ ከነፈገህ ነገሩ ከባድ ነው።

«አብረን በጭቃ አልሄድንም?» አሉኝ። «በጣትህ እየነካህ አልቆጠርህም? ሰማንያ አላልህም? ዛሬ ሌባ ነህ እየተባልሁ ነው። ሚስቴ ወንዝ ወርዳ ውኃ መቅዳት ትታለች።»

ያኔ ነው ሁሉም የበራልኝ። ዝናቡ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ዱቄት የለበሰው ግድግዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ፤ ከአንድ ወር በኋላ! አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም፤ የማስታወስ ችሎታዬ ደግሞ እንግዲህ ታውቃላችሁ።

የኪስ ደብተሬን ፍለጋ መሳቢያዬን ገለበጥኩ። አገኘሁት። ገጹ ላይ እንዲህ ይላል፦ «80። እዚያኛው ቤት።» ምልክትም አድርጌበታለሁ፣ ያችን ቆንጆ ምልክት። ቀን የለውም፣ አገር የለውም፣ የምን ሰማንያ እንደሆነ የለውም። ደምበጫም ሁለት ቤት ነበረ። የገዛ ጽሕፈቴ እኔኑ ይጠይቀኝ ጀመር።

ገምጋሚዋ ዘንድ ሮጥኩ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ቆጥሬዋለሁ፣ አሁኑኑ የቆጠራ ገጽ ጽፌ አስገባለሁ አልኩ። ባዶ ቅጽም ይዤ ነበር። ራስጌው ላይ «ሰኔ 30» ብዬ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

«ዛሬ ስንት ነው?» አሉኝ።

«ጥቅምት አሥራ አራት።»

«ታዲያ ምን እየጻፍክ ነው?»

እጄ ቆመ። ሰውን ከሌብነት ላድን ስል እኔ የሐሰት ሰነድ ልሠራ ነበር፤ ያውም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት። ቅጹን ወስደው ለሁለት ቀደዱት፤ የቀደዱት ግን በቁጣ አልነበረም። «አንተ ቆጥሬያለሁ ማለትህ ማስረጃ አይደለም» አሉ። «መንገድ ላይ ነው ስትለኝም እንደዚሁ እርግጠኛ ነበርክ። ማስረጃ ፈልግ። ካገኘኸው በዛሬ ቀን ጻፈው። ፋይሉ ያለ አንተ ከተናገረ እፈርማለሁ።»

ዩሪያው በሐምሌና በነሐሴ ለገበሬ ተከፋፍሎ አልቋል፤ ዳግመኛ የሚቆጠር ነገር የለም። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ጠዋት የቆጠራ ቅጼን ሳነብ አንድ ተአምር አየሁ። ቅጹ ላይ «በቆጠራው ዕለት የመጨረሻው የወጪ ሰነድ ቁጥር» የሚል ሣጥን አለ፤ እኔም ሞልቼዋለሁ፤ አራት መቶ። ለምን እንደሞላሁት ልንገራችሁ? ሣጥኑ ባዶ ሲሆን ስለሚያስጠላ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በትክክል የሞላሁት ብቸኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

መንገዱ በዚያች ቁጥር ተከፈተ። ከሰኔ ሠላሳ በኋላ አዲስ ዩሪያ ካልገባ፣ ከዚያ በኋላ ለገበሬ የወጣው በሙሉ ያን ዕለት በማኅበሩ እጅ የነበረ ነው። የወጣው ሰባት መቶ አርባ አራት ከሆነ ሰውዬው አለቀላቸው። ስምንት መቶ ሃያ አራት ከሆነ ሰማንያው ከረጢት ነበረ።

ይጁቤ ወርጄ ሥራ አመራሩ ባለበት የታሸገውን የሰነድ ሣጥን አስከፈትኩ። የገቢ ሰነዱን አየሁ፤ ከሰኔ ሠላሳ ወዲህ የገባ ዩሪያ የለም። ከዚያ የወጪ ሰነዱን፣ ሞዴል 22ን፣ ከአራት መቶ አንድ ጀምሬ አንድ በአንድ ተከተልኩ። መጨረሻው ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ነው። የጎደለ ቁጥር የለም። ሦስቱ ተሰርዘዋል፤ የተሰረዙት ከነዋናው ቅጂያቸው ጥራዙ ላይ ተጣብቀዋል። ደመርኩ። ደግሜ ደመርኩ። ስምንት መቶ ሃያ አራት።

እንደ ድሮው ቢሆን እዚያው እልል ብዬ ስልክ እደውል ነበር። አልደወልኩም። ሰነድ ሊፈበረክ እንደሚችል አሁን ከራሴ ተምሬያለሁ። ከሦስተኛው ሰነድ ጀምሬ በየስምንተኛው ሃያ ሰባት ገበሬ መረጥኩና ለምን እንደዚያ እንደመረጥኩ ጻፍኩ። አራት ቀን በእግሬ ዞርኩ። ሃያ አምስቱን አገኘኋቸው፤ ስንት ከረጢት፣ መቼ፣ ከየትኛው ቤት እንደተቀበሉ ጠይቄ አስፈረምኳቸው። ሁሉም ከሰነዱ ጋር ገጠመ። አምስቱ ራሳቸው «ከወፍጮ ቤቱ ነው የተጫነልን» አሉ። ሁለቱን አላገኘኋቸውም፤ አላገኘኋቸውም ብዬ ጻፍኩ።

ቢሮ ተመልሼ የንብረቱን ክፍል እንደ አዲስ ሠራሁት። «መ» ማጠቃለያው ነው። «መ-1» የሰኔው ቆጠራ፣ «መ-2» ቢን ካርዱ፣ «መ-3» ከሰኔ ሠላሳ በኋላ የወጣው ዝርዝር፣ «መ-4» የሃያ ሰባቱ ገበሬዎች ማረጋገጫ። ሰማንያዋ በ«መ-1» ላይ «ወደ መ-3» ትላለች፤ «መ-3» ላይ ደግሞ «ከመ-1» ትላለች። ያችን ቆንጆ ምልክቴን አልተውኳትም፤ ከግርጌ ግን «ከዋናው ሰነድ ጋር ተመሳክሯል» የሚል መግለጫ ሰጠኋት። የመጨረሻው ገጽ «መ-5» ነው፤ እሱን ለመጻፍ ከአራቱ ቀን የእግር መንገድ የበለጠ ደከምኩ። እንዲህ ይላል፦ ኦዲተሩ በወፍጮ ቤት የነበረውን ሰማንያ ከረጢት ቆጥሬያለሁ ይላል፤ በወቅቱ አልመዘገበውም፤ በኋላም በስልክ የተሳሳተ ማብራሪያ ሰጥቷል። ስለዚህ የኦዲተሩ ቃል ለመደምደሚያው መሠረት አልሆነም። ከታች ፈረምኩ፣ ኅዳር ስድስት ብዬ ቀኑን ጻፍኩ።

ገምጋሚዋ ሲያነቡ ፊት ለፊታቸው አስቀመጡኝ፤ እንዳልናገር ግን ቀድመው አስጠንቅቀዋል። ሰውዬው ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዱላቸው ሲሚንቶውን ሲነካ ይሰማኛል። የገምጋሚዋ ጣት ከ«መ» ወደ «መ-1» ሄደ። ከ«መ-1» ወደ «መ-3» ዘለለ። እዚያ ቆየ። ከንፈሬን ነከስኩ። ገልጠው «መ-4» ላይ ደረሱ፣ ተመለሱ፣ ድምሩን በሒሳብ ማሽን አረጋገጡ። «መ-5» ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ፤ አንድም ቃል አልጠየቁኝም። ፈረሙ፤ ቀኑን ጻፉ።

የተስተካከለው ሪፖርት በዚያው ሳምንት ወጣ። እገዳው ተነሳ። ሰውዬውን ሳበስራቸው ግን ፊታቸው አልፈታም።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ፋይልህ ውስጥ ነጻ ወጥቻለሁ። ሌብነቴን ግን አገሩ የሰማው በአፍ ነው። ገበሬው የአንተን መ-3 ሊያነብ ደብረ ማርቆስ ይመጣል?»

እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሄጄ ቆምኩ። ለመናገር የተፈጠርኩ ሰው፣ መቶ የሚሆን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦልኝ፣ አንዲት ቃል ከራሴ ሳልጨምር ከወረቀቱ አነበብኩ፤ ሰማንያውን፣ ስምንት መቶ ሃያ አራቱን፣ ከዚያ «መ-5»ን ከነሙሉ ቃሉ። ሰውዬው ዳር ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ሚስታቸው ከሴቶቹ መሐል ናቸው። ስጨርስ ሰብሳቢው «ጥያቄ ያለው?» አለ። ማንም እጁን አላነሳም። ፋይሉ ያለ ጥያቄ አለፈ ብዬ ልቀመጥ ስል አንዲት አሮጊት ከኋላ ተነሡ።

«ሁሉም ገብቶኛል» አሉ። «ያልገባኝ አንድ ነው። ቆጥረኸዋል፤ እጅህ ላይ እርሳስ ነበር፤ ያን ጊዜውን ለምን አልጣፍኸውም?»

ወረቀቱን ወደ ታች አየሁ። የለም። በአምስቱም ገጽ ላይ የለም።

«ስለናቅኩት ነው፣ እማማ» አልኩ። «ሥራ አልመሰለኝም ነበር። እኔ እያለሁ ወረቀት ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታዲያ ይኼንንም ጣፈው» ብለው ተቀመጡ። ሰብሳቢው እስክሪብቶ አቀበለኝ፤ መቶ ሰው እያየኝ ቆሜ ጻፍኩት።